እሰይ፣ ቀለበት አሰርን!

ዘመዶቻችን፣ አብሮ አደጎቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ «መቼ ነው የምንበላው?» እያላችሁ ሁለት ዓመት ያስጨነቃችሁን ሁሉ፤ እነሆ ደረሰ። እሑድ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጊዮርጊስ፣ ቢቸና በየኔነሽ ወላጆች ቤት ቀለበት አስረናል። እልል በሉልን!

ብዙዎቻችሁ እንዴት እንደተገናኘን ትጠይቁናላችሁ፤ ሁለታችንም የየራሳችንን ስለምናወራ ወሬው ተዛብቷል። እዚህ ላይ ተስማምተን አንድ ላይ እንጻፈው ብለናል።

ጥር 2016 ዓ.ም. ነው፣ ደብረ ማርቆስ። ይበልጣል የሒሳብ ፈተና ሊያባዛ የኔነሽ ወንድሟን ተክታ ወደምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። 58 ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ አራት ገጽ። ሦስተኛው ገጽ ላይ መብራት ጠፋ። ፈተናው በማግስቱ ስለሆነ ትቶት መሄድ አልቻለም፤ ማሽኑም ወረቀቱን ነክሶ አለቅም ብሏል። በርጩማ ተሰጠው፣ ተቀመጠ። ዝም ብሎ መቀመጥ የከበደው ሰው እንደሚያደርገው ስም ጠየቀ።

«የኔነሽ።»

«እንዴ፣ ገና ሳንተዋወቅ?»

አልሳቀችም። ይህን ቀልድ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ስትሰማው ኖራለች፤ መናኸሪያም፣ ባንክም፣ ቀበሌም ያው ነው። ቀና ሳትል የሱን ስም ጠየቀችው።

«ይበልጣል።»

«ከማን?»

መልስ አጣ። ሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ለአንዲት አጭር ጥያቄ መልስ አጣ። (ይበልጣል እዚህ ላይ «እያሰብኩ ነበር» ተብሎ ይጻፍልኝ ብሏል። ተጽፏል።) መብራቱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል አወራን። ከዚያ ወዲያ ያ ሰውዬ ለአንዲት ገጽ እንኳ በትምህርት ቤቱ ማሽን መጠቀም ተወ። መታወቂያውን ኮፒ ያደረገበት ብዛት ቢቆጠር ለአንድ ቀበሌ ሕዝብ ይበቃል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። «ሁለት ኮፒ ብቻ» አለ። የፈተና ወረቀት ይመስላል፤ በእጅ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ብቻ አለው፦

ጥያቄ 1፦ ሽማግሌ ልላክ?
ሀ) ላክ
ለ) ቶሎ ላክ
ሐ) «ሀ» እና «ለ» መልስ ናቸው

«አትላክ» የሚል ምርጫ የት አለ ብላ ጠየቀችው። ያንን ገና አላስተማርኩም አላት። የኔነሽ ሁለቱን ኮፒ አወጣች፣ በስክሪብቶ «ሐ» ላይ ከበበች፣ አንዱን ለራሷ አስቀረች፣ የሁለቱንም ሒሳብ ተቀበለች። ዱቤ የለም።

ሽማግሌዎቹ የሄዱት በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ነው። ሦስት ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ የይበልጣል አጎት፣ ደብረ ኤልያስ ቅኔ የቆጠሩት መሪጌታ። አደይ አበባው ገና አልረገፈም፣ አባቷም ቤት ነበሩ። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሏቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እንደ ወጉ ነው፤ ግን መሪጌታ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ያንን ሁሉም ያውቃል፣ አባቷም ያውቃሉ። ቢሆንም ጊዜያቸውን ወሰዱ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ተባለ። «ከዘመድ እንመካከራለን፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» የሚል መልስ ተሰጠ።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍናቸው አትጠይቁን። ምክንያቱም ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። አምስተኛው ድረስ በደህና ሄደ። ስድስተኛው ላይ ከሁለቱም ወገን «ተሰማ» የሚል ስም ወጣ! ይበልጣል ደብረ ማርቆስ ሆኖ ስልኩን እንደ ታቦት ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ጾሙን ዋለ። የኔነሽ ወጥ አሳረረች። በመጨረሻ የየኔነሽ ሴት አያት ተጠየቁ፤ እሳቸው የሰው ዘር እንደ ዳዊት ይደግማሉ። «የእኛ ተሰማ የእነማይ ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ። የእነሱ ተሰማ የማቻክል ነው፣ ሁለቱም ዓይኑ ደህና ነበር» አሉ። እግዚአብሔር የአያታችንን ዕድሜ ያርዝም። የዚያን ሰውዬ ሁለት ዓይንም ነፍሱን ይማር!

እሑድ ዕለት ቤቱ ሞላ። ጠላው፣ ዶሮው፣ የቢቸና ማኛ እንጀራ፣ ከቡሬ የመጣ ማር፤ ይህን የቀመሰ ያውቀዋልና አንዘረዝርም። ቀለበቱ ግን የሚነገር ነገር አለው። የኔነሽ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍና ዶሮ ስትበልት አድራ ጣቷ አብጧል፤ ቀለበቱ አንጓዋ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁሉም ዝም አለ። ይበልጣል ላቡ መጣ። እናቷ ከጓዳ «ምን ትጠብቃላችሁ፣ ቅቤ አምጡ!» አሉ፣ መጣ፣ ገባ። ፎቶው ላይ ጣቷ የሚያበራው ከወርቁ ብቻ አይደለም።

እልልታው ሲበርድ መሪጌታ ተነሡ። ለጥሎሽ ስንት ወርቅ፣ ስንት ልብስ ይምጣ እየተባለ በሹክሹክታ ይወራ ነበር፤ ሰምተውታል መሰለን። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦

ወርቁም ማሩም ይቅር፣ ምን ሊሠራላት፤
ከሁሉ ይበልጣል፣ «የኔ ነሽ» ያላት።

የጎጃም ሰው ነንና ማንም ሰሙን ከወርቁ ለይቶ እንዲያስረዳው አልጠየቀም። አባቷ «ይድገሙት መሪጌታ!» አሉ፤ ደገሙት። የኔነሽ ግን ወደ ይበልጣል ዞር ብላ፣ ማንም ሳይሰማ፣ «ከማን?» አለችው። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ መለሰ።

እንግዲህ ሰርጋችን እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ነነዌ ሳይገባ፣ ያ ፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀት ከነከሰ ልክ ሁለት ዓመት ሲሞላው። ሥርዓተ ተክሊሉ ደብረ ማርቆስ፣ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል፤ የይበልጣል አያት ዛሬም ከተማውን መንቆረር ስለሚሉት «መንቆረር ና» ብለው የሚደውሉላችሁ ሰው ካሉ እሳቸው ናቸው፣ አትደናገጡ። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ዓባይ በረሃን በቀን ብርሃን እንድትሻገሩ አደራ፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጠዋት ተነሡ። የጥሪ ካርዱ በገና ሰሞን በየእጃችሁ ይገባል። ያባዛነው የት እንደሆነ መቼም መገመት አያቅታችሁም፤ በዚህኛው ሥራ ግን ባለቤቷ ለሙሽራው ቅናሽ አላደረገችም።

ሽማግሌ ሆናችሁ ደጃፍ የቆማችሁልን፣ ሽንኩርት የከተፋችሁልን፣ ዘር የቆጠራችሁልን፣ ከሩቅም «እንኳን ደስ አላችሁ» ያላችሁን ሁሉ፣ እጅ ነሥተናል።

ለጥር ጫማችሁን አዘጋጁ፤ እስክስታው አይቀርላችሁም!

ይበልጣል እና የኔነሽ