በስፌት ላይን 2 ኃላፊና በጥገና ባለሙያው መካከል ስላለው አለመግባባት ለሽምግልናው የተዘጋጀ አጭር መግለጫ

ጋሼ፣ ስለመጡ አመሰግናለሁ። የሰው ኃይል ኃላፊያችንና የማኅበራችን ተወካይም ጊዜ ሰጥታችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። አምስት ደቂቃ ስለተሰጠኝ ከወረቀቴ ላነብ።

መጀመሪያ የኔን ጥፋት ላስቀድም። ግንቦት 12 ቀን ኦፕሬተሮች እየሰሙ «ሥራህን አትሠራም» ብያለሁ። ቃሉም ልክ አልነበረም፤ ከዚያም በላይ ሁልጊዜ እርስዎ የምልዎትን ሰው በሰው ፊት አንተ ብያለሁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ይቅርታዬንም ለዛሬው ስምምነት መደራደሪያ አላደርገውም።

የዚያን ቀን የሆነው ይህ ነው። ትከሻ ከሚያጋጥሙት ሁለት ኦቨርሎኮች አንዱ ስፌት መዝለል ጀመረና ከጠዋቱ 4፡10 እስከ 5፡25 ቆመ። ላይናችን በሰዓት 100 ቲሸርት ያወጣል። ትከሻ ላይ አንድ ማሽን ሲቆም ግማሹ ይቀራል፤ በ75 ደቂቃ 62 ያህል ማለት ነው። ከ800 ታርጌት 738 ላይ ቀረንና ቀሪውን በትርፍ ሰዓት ጨረስን። ትርፍ ሰዓቱ በአዋጅ 1156/2011 መሠረት በአንድ ተኩል ተከፍሏል፤ ብሩ ላይ ቅሬታ የለም። ችግሩ ሰርቪሱ 11፡30 ከገላን መውጣቱ ነው። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የሚገቡ ልጆች በጨለማ አስፋልት ዳር ታክሲ ሲጠብቁ ያመሻሉ፤ በማግስቱ ሲያረፍዱ ደግሞ ጥያቄው ወደኔ ይመጣል።

እርስዎ በዚያው ሰዓት ላይን 3 ላይ እንደነበሩ፣ የኛው ማሽን ሉፐር ተበልቶ መርፌውን እየነካ እንደነበረና ስቶር ውስጥ መለዋወጫ እንዳልነበረ የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቅ አንዷን ኦፕሬተር ወደ ሌላ ሥራ አዛውሬ፣ በሌላው ማሽን ላይ ያለውን ጫና አስተካክል ነበር። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ማሽኑ ወዲያው መሠራቱ ብቻ አይደለም። ስንት ሰዓት እንደሚደርሱልኝ ማወቅ ያስፈልገኛል፤ «ከአንድ ሰዓት በፊት አልችልም» መባልም ይበቃኛል። ሁለተኛው ደግሞ «መርፌ መቀየር የማይችል ሰው ይዘሽ» የሚለው ዓይነት ነገር ሲኖር ለብቻዬ እንዲነገረኝ ነው።

ነገሩ ግን እውነት አለው። ከግንቦት 5 እስከ 19 ድረስ 14 ጊዜ ጠርተንዎታል። መዝገቡን ሳየው 6ቱ መርፌና ክር ናቸው፦ መርፌው እስከ ላይ አልገባም፣ ዞሮ ገብቷል ወይም ክሩ አንድ ቀዳዳ ዘሏል። 5ቱ የማስተካከያ ሥራ፣ 3ቱ የመለዋወጫ ናቸው። ሦስት ላይን ለብቻው የያዘ ሰው በሩቅ እየተጮኸበት ለመርፌ ሲመላለስ እንደሚመረው ይገባኛል። የእርስዎን ፍላጎት በትክክል ካልተረዳሁ ያርሙኝ።

የምጠይቀው ስምምነት ይህ ነው፦

ከመጥራታችን በፊት ኦፕሬተሯ ማሽኑን አጥፍታ መርፌውንና ክሩን ታያለች፤ በኦቨርሎክ የመርፌው ረጅሙ ቦይ ወደ ሰፊዋ መዞሩን፣ መርፌው እስከ ላይ መግባቱን። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ለሁሉም ማሳየት የኔ ሥራ ነው፤ እርስዎ አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢያሳዩን ደግሞ ይሻላል። መርፌ ከተሰበረ ግን ስብርባሪው ሁሉ ተለቅሞ ሳይመዘገብ አዲስ አይሰጥም፤ ይህ እንዳለ ይቀጥል።

ካልተስተካከለ በጩኸት መጥራት ይቀራል። የማሽን ቁጥር፣ የታየው ችግርና ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ይደርስዎታል። «ተበላሽቷል» ብቻ ተብሎ አይጻፍም፤ «በግራ መርፌ ስፌት ይዘላል» ይባል። እርስዎ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚመጡበትን ሰዓት እዚያው ላይ ይጽፋሉ።

ማሽኑ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚቆም ከሆነ በቦታው መጠባበቂያው ኦቨርሎክ ይገባል። ማንሳቱን የኔ ልጆች ያግዛሉ፤ መስመር ማገናኘቱና መፈተሹ የእርስዎ ነው።

የሉፐሩ ነገር የሁለታችንም አይደለም። ስቶር ውስጥ ቢያንስ ሁለት እንዲቀመጥ የምርት ክፍል ኃላፊው እንዲፈርሙበት እፈልጋለሁ። ይህ ካልተፈታ ወረቀቱ ብቻውን ማሽን አያስነሳም።

ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍብዎት አልጠይቅም። ለሰው ኃይል ያስገባሁትን ማመልከቻ ዛሬ ከተስማማን አነሳለሁ። አሠራሩን ለሁለት ሳምንት እንሞክረውና ወረቀቶቹን ይዘን በዚሁ ክፍል እንገናኝ፤ ስንት ጥሪ እንደነበረና ስንቱ ከ20 ደቂቃ እንዳለፈ እንቁጠር።

ጋሼ፣ ከዘረዘርኩት ውስጥ በሥራዎ ላይ የማይሆነው የትኛው እንደሆነ አሁን ከእርስዎ መስማት እፈልጋለሁ።