የባዮኬሚስትሪ ማጠቃለያ ፈተና፦ ጥያቄ 4 እና የአራሚዎች መመሪያ

ለሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች። 25 ነጥብ፣ 40 ደቂቃ።

አምስት ታካሚዎች ቀርበዋል። የሁሉም ችግር በዘር የተወረሰ የአንድ ኢንዛይም ጉድለት ነው።

ሀ. የ8 ወር ሕፃን ልጅ። በ6 ወሯ ስትደገፍ ትቀመጥ ነበር፤ አሁን ግን አንገቷ እንኳ አይጸናም። በር በተዘጋ ቁጥር ድንግጥ ትላለች። ዓይኗ ውስጥ ሬቲናው ገርጥቶ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ይታያል። ጉበትና ጣፊያዋ አላበጡም።

ለ. የ6 ወር ወንድ ልጅ። እንደ ሀ ሁሉ ቀይ ነጥብ አለው፤ እድገቱም ወደ ኋላ ተመልሷል። ሆዱ ተነፍቷል፤ ጉበቱም ጣፊያውም አብጠዋል። በመቅኔው ውስጥ አረፋ የሚመስሉ፣ በስብ የተሞሉ ሴሎች ተገኝተዋል።

ሐ. የ5 ወር ወንድ ልጅ። ሌሊት ሳይጠባ ካደረ ንጋት ላይ ላብ በላብ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሰዓት የደሙ ስኳር 28 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር ነበር። ላክቴት፣ ዩሪክ አሲድና ትራይግሊሰራይድ ከፍ ብለዋል። ጉበቱ ትልቅ ነው፤ ጣፊያው ደህና ነው።

መ. የ3 ወር ሕፃን ልጅ። ሰውነቷ ልል ነው፤ ምላሷ ትልቅ ነው፤ ልቧ በጣም ሰፍቷል። የደሟ ስኳር ጾማም እንኳ ትክክል ነው።

ሠ. የ19 ዓመት ወጣት። ደረጃ በፍጥነት ሲወጣ ጡንቻው ይጨመደዳል፤ ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንቱ የጥቁር ሻይ መልክ ይይዛል። ትንሽ አርፎ ሲቀጥል ይቀለዋል። ጡንቻው በሥራ ላይ እያለ በደሙ ያለው ላክቴት አይጨምርም።

ኢንዛይሞች፦ ግሉኮስ-6-ፎስፋቴዝ፣ ሄክሶሳሚኒዴዝ ኤ፣ ግሉኮሴሬብሮሲዴዝ፣ የጡንቻ ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ፣ አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ ኤ፣ ስፊንጎማይሊኔዝ፣ አሲድ አልፋ-ግሉኮሲዴዝ፣ ፌኒልአላኒን ሃይድሮክሲሌዝ። ሦስቱ ትርፍ ናቸው።

4.1 እያንዳንዱን ታካሚ ከጎደለው ኢንዛይም ጋር አዛምድ፤ የተከማቸውን ነገርም ጻፍ። (15)
4.2 በሐም በመም ግላይኮጅን ተከማችቷል። የመ ስኳር ለምን አልወረደም? (4)
4.3 ለሐ ግሉካጎን ቢሰጠው በደሙ ውስጥ ምን ይጨምራል? ለምን? (4)
4.4 ጤነኛ የሆኑት የሀ ወላጆች ሌላ ልጅ ቢወልዱ የመታመም ዕድሉ ስንት ነው? የልጁ ጾታ ለውጥ ያመጣል? (2)

ለአራሚዎች ብቻ

4.1 ለኢንዛይሙ 2፣ ለተከማቸው ነገር 1 ነጥብ። የበሽታውን ስም ብቻ የጻፈ ዜሮ ያገኛል። ይህ የጨከነ ቢመስልም ያልጠየቅነውን ነው የመለሰው።

ሀ ቴይ-ሳክስ ነው፤ ሄክሶሳሚኒዴዝ ኤ ጎድሎ ጂኤም2 ጋንግሊዮሳይድ ይከማቻል። ለ ኒማን-ፒክ ዓይነት ኤ ነው፤ ስፊንጎማይሊኔዝ ጎድሎ ስፊንጎማይሊን ይከማቻል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ቀይ ነጥቡን ሲያዩ ንባቡን ያቆማሉ። ጋንግሊዮሳይድ በብዛት ያለው በነርቭ ሴል ውስጥ ስለሆነ የሀ ሆድ አያብጥም። ስፊንጎማይሊን ግን በየሴሉ ሽፋን አለ፤ አሮጌ ሴሎችን የሚበሉት ማክሮፌጆች ይሸከሙትና ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ። ግሉኮሴሬብሮሲዴዝን ለለ የሰጠ ተማሪ ስለ ሆዱ ትክክል አስቧል፤ ነገር ግን የጎሼ ሴል አረፋ ሳይሆን የተጨማደደ ወረቀት ይመስላል። ግማሽ ነጥብ ስጡት።

ሐ፦ ግሉኮስ-6-ፎስፋቴዝ። መ፦ አሲድ አልፋ-ግሉኮሲዴዝ። ሠ፦ የጡንቻ ግላይኮጅን ፎስፎሪሌዝ። ለሦስቱም የተከማቸው ግላይኮጅን ነው።

4.2 የምንፈልገው አንድ ቃል ሊሶሶም ነው። በመ ግላይኮጅን የታሰረው በሊሶሶም ውስጥ ነው፤ በሳይቶፕላዝም ያለው መንገድ ስላልተነካ ጉበት እንደ ወትሮው ስኳር ይለቅቃል። ፖምፕ በሽታውን የገለጸው በ1932 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ኸርስ የጎደለውን ኢንዛይም ያገኘው ግን ሊሶሶም ከታወቀ በኋላ፣ በ1963 ነው። «ልብ ስኳር አይለቅም» ብሎ ብቻ የጻፈ 1 ነጥብ ያገኛል።

4.3 የሚጨምረው ላክቴት ነው። ግላይኮጅን ተሰብሮ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ይሆናል፤ ፎስፌቱን የሚያነሳለት ስለሌለ ከሴሉ መውጣት አይችልም፤ በግላይኮሊሲስ ወርዶ ላክቴት ይሆናል። ግሉኮኒዮጄነሲስም የሚያልቀው በዚሁ ኢንዛይም ስለሆነ ያም በር ዝግ መሆኑን የጠቀሰ ተማሪ ሌላው መልሱ ቢጎድል እንኳ ሙሉ 4 ይገባዋል። ስኳር ይጨምራል ያለ ዜሮ።

4.4 ከአራት አንድ፤ ጾታ ለውጥ አያመጣም። ጾታ ለውጥ ያመጣል ያሉት ምናልባት ጂኑ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለውን የፋብሪን በሽታ አስበው ይሆናል። አልፋ-ጋላክቶሲዴዝ ኤ ከትርፎቹ መካከል የገባውም ለዚሁ ነው።