«የዘገየ ደብዳቤ» — የመብራትና የዲኮር ዕቅድ

ትርኢቱ፦ ቅዳሜ ግንቦት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል፣ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ፣ ደሴ
ለማን፦ ለአዘጋጇ፣ ለተዋንያን፣ ለመብራትና ለዲኮር ልጆች በሙሉ
ግራና ቀኝ ሲባል፦ ተዋናይ ወደ ተመልካች ዞሮ ሲቆም ያለው ግራና ቀኝ ነው።

ያለን ዕቃ ይህ ነው፦ 50 ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ ሁለት፣ ባለ 100 ዋት የድሮው ዓይነት አምፖል አራት፣ የግድግዳ ዲመር አንድ (እስከ 500 ዋት የሚችል)፣ ኤክስቴንሽን ሦስት፣ የእጅ ባትሪ ሦስት። ስቶር ውስጥ ያለው ባለ 500 ዋት አሮጌ ፓውዛ አይወጣም። በጣም ይሞቃል፣ ዲኮራችን ደግሞ ኬሻ ነው።

ብርሃን ለመጨመር አቅም ስለሌለን የምናቅደው ጨለማውን ነው። ታሪኩ በ1976 ዓ.ም. መብራት ባልገባበት ቤት ውስጥ ስለሚሆን ይህ ይጠቅመናል። በየትዕይንቱ ብርሃኑ ከአንድ ቦታ ይመጣል፦ መጀመሪያ ከፀሐይ፣ ቀጥሎ ከምድጃው፣ በመጨረሻ ከፋኖሱ። ከዚያ ውጭ ያለው የመድረኩ ክፍል ቢጨልም ማንም «እዚያ ጋ አይታይም» ብሎ አምፖል እንዳይጨምር።

ኤሌክትሪክ

የመድረኩ ሁለት ሶኬቶች በአንድ ባለ 10 አምፔር ብሬከር ነው የሚሠሩት። በ220 ቮልት ሲሰላ 2200 ዋት ነው። ፓውዛዎቹ 100፣ አምፖሎቹ 400፣ አምፕሊፋየሩ 300፣ በድምሩ 800 ዋት እንጠቀማለን። በቂ ትርፍ አለን፤ ግን ትርፉን የሚበላው የእኛ ዕቃ አይደለም። አምና ትዕይንት ሁለት ላይ ለእንግዶች ሻይ ሊያፈሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ በዚሁ መስመር ሰክተው ብሬከሩ ወረደ፤ ልጅቷ ንግግሯን በጨለማ ጨረሰች። ዘንድሮ ሻይውም ቡናውም በከሰል፣ ከአዳራሹ ውጭ ይፈላል። ሁለቱ ሶኬቶች ላይ «የመድረክ ብቻ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል፣ አንድ ልጅም አጠገባቸው ይቀመጣል።

ኤክስቴንሽን ተጠቅልሎ እያለ አይሰካም፤ ሙሉ በሙሉ ይፈታና በግድግዳው ሥር ይዘረጋል። መተላለፊያ የሚያቋርጠው ላይ ምንጣፍ ተደርጎበት ዳር ዳሩ በፕላስተር ይያዛል። ሽቦ መቀጠልና ዲመሩን ማሰር የትምህርት ቤቱ ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ይመጣልናል። ተማሪ አይነካም።

ዲኮር

መድረኩ 6 ሜትር ተኩል ስፋት፣ 4 ሜትር ጥልቀት አለው። የኋላው ግድግዳ ነጭ ኖራ ነው፤ ትልቁ ችግራችንም እሱ ነው። ትንሽ ብርሃን ሲያገኝ ያበራና ከፊቱ የቆመ ሰው ፊት ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የቤቱ ግድግዳ ሙሉውን ይሸፍነዋል፦ በሞራሌ የተሠሩ 2 ሜትር ከ40 በ1 ሜትር ከ20 የሆኑ አምስት ፍሬሞች፣ ኬሻ ተወጥሮባቸው፣ ከላይ ቀይ አፈር በዱቄት ሙጫ ተለውሶ ይቀባባቸዋል። የመጀመሪያውን ፍሬም ሰኞ ቀብተናል። ወፍራሙ ቅብ ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፣ ከቀጭኑ ይልቅ እውነተኛ የጭቃ ግድግዳ የመሰለው እሱ ነው። የቀሩትም እንደዚያው በእጅ ይቀቡ፣ በብሩሽ አይደለም። እያንዳንዱ ፍሬም ከኋላ ሰያፍ ድጋፍ ተደርጎለት አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይጫንበታል።

ሁለተኛው ፍሬም ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር መስኮት ይቆረጣል። በሩ በስተግራ፣ 90 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ነው፤ መዝጊያ አንሠራም፣ አቡጀዲ መጋረጃ ይበቃል። በስተቀኝ መደብ፦ ሁለት ዴስክ ተገጥሞ በኬሻ ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ ቁርበት። መሃል ላይ ምድጃው፦ ሦስት ጉልቻ። ጀበና፣ እንሥራና መሶብ ከየቤታችሁ ይመጣሉ፤ የባለቤቱ ስም ከሥሩ ይጻፍ።

የእማማ ዘነቡ ነጠላ ሻይ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይደር። አዲስ ነጭ ነጠላ ፓውዛ ሲያርፍበት ዓይን ሁሉ ወደ ጨርቁ ይሄዳል፣ ፊቷን የሚያይ አይኖርም። ማክሰኞ ሁለቱንም አስለብሰን ከኋላ ወንበር ሆነን አይተናል፤ በሻይ የተነከረው ላይ የዓይኗ እንባ ሳይቀር ይታይ ነበር።

የመብራቱ አቀማመጥ

አዳራሹ መስቀያ ብረት የለውም። ሁለት ባለ 4 ሜትር የባሕር ዛፍ አጣና ከመድረኩ 2 ሜትር ፊት፣ በግራና በቀኝ ግድግዳ ጥግ ይቆማሉ፤ ሥራቸው ሲሚንቶ በተሞላ የቀለም ባልዲ ውስጥ፣ ወገባቸው ከመስኮቱ ብረት ጋር በሽቦ የታሰረ። ፓውዛ 1 በግራው፣ ፓውዛ 2 በቀኙ ጫፍ ላይ። ከመሃል ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ፊትን እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ ጥላውንም ኋላ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከጎን ሲመጣ አፍንጫና ጉንጭ ይለያሉ፣ ጥላውም ወደ ዳር ይሄዳል። የኤልኢዲው ነጭነት የጠይም ፊትን አመድ ስለሚያስመስል ሁለቱም ላይ ቢጫ ሴሎፎን፣ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በሽቦ ክፈፍ ይደረጋል።

አራቱ አምፖሎች በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይገባሉ፤ ጣሳው ብርሃኑ ወደ ተመልካች እንዳይረጭ ይይዘዋል። ሁለቱ ከመደቡ በላይ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ፣ ሁለቱ ከጉልቻው ጀርባ መሬት ላይ። አራቱም በዲመሩ ይሄዳሉ። ፓውዛዎቹ በዲመር ስለሚርገበገቡ በማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ይሠራሉ።

እሳት በመድረክ ላይ የለም። ፋኖሱ ውስጥ ትንሿ የእጅ ባትሪ ቢጫ ወረቀት ተጠቅልላባት ትገባለች።

ቅደም ተከተል

ትዕይንት 1፣ ከሰዓት በኋላ። ባለፈው ቅዳሜ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መድረኩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፦ ለመድረኩ የቀረበው የምዕራብ መስኮት ፀሐይ በቀኝ ገብታ መደቡን አልፋ እስከ ጉልቻው ትደርሳለች። ያን የመሰለ መብራት በገንዘብ አናገኝም። ሌሎቹ መስኮቶች ሁሉ በጥቁር ላስቲክ ይሸፈናሉ፣ ይህ አንዱ ክፍት ይቆያል። ከፀሐይዋ ጋር ፓውዛ 1 ብቻ ይበራል። ደመና ከሆነ ፓውዛ 2 ይጨመራል፤ ውሳኔው 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ አይቀየርም።

ሙሉ «ፖስተኛው ዛሬም አልመጣም» ስትል መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ላስቲኩን ከላይ ወደ ታች በዝግታ ያወርዳል፣ እስከ ሃያ እየቆጠረ። ተመልካቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ያያል። ይህን አሥር ጊዜ ተለማመዱት።

ትዕይንት 2፣ ማታ። ፓውዛ 1 ይጠፋል፣ የምድጃውና የመደቡ አምፖሎች በዲመር እስከ ግማሽ። ከዲኮሩ መስኮት ጀርባ የቆመ ልጅ ሰማያዊ ሴሎፎን የታሰረበት ባትሪ ይይዛል፤ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ወንበር ላይ ያስደግፈው። አሰፋ የወታደሩን ዜና ሲናገር ዲመሩ ሩብ ድረስ ይወርዳል። ዕቃ የሚነሳው በዚሁ ብርሃን፣ ክራሩ እየተመታ፣ በተዋንያኑ እጅ ነው፤ ሙሉ ጨለማ ስለማናገኝ የምንደብቀው ነገር የለም።

መብራት ኃይል ቢሄድ፦ ተዋንያን ባሉበት ይቆማሉ፣ በልባቸው እስከ አምስት ይቆጥራሉ። በመድረኩ ከንፈር ሥር በግራና በቀኝ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ባትሪያቸውን ወደ ተዋንያን ፊት ያበራሉ (አንዱ የመስኮቱን ባትሪ ያለ ሴሎፎን ይወስዳል)፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ስልክ አይበራም።

ትዕይንት 3፣ ሌሊት። ዲመሩ ዜሮ። ፋኖሱ መደቡ ላይ፣ ሙሉ አጠገቡ፣ ደብዳቤው ከፋኖሱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፤ ወረቀቱ ብርሃኑን ወደ ፊቷ ይመልስላታል፣ ስለዚህ ዝቅ አድርጋ ትያዘው። እማማ ዘነቡ ከጨለማው ውስጥ ድምፅ ብቻ ናት፣ እስከ መጨረሻው መስመር። «አንብቢልኝ፣ ከመጀመሪያው» ብላ ስትጠጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ወደ ፋኖሱ ይገባል። ሙሉ ታጠፋዋለች። እስከ አምስት ቁጠሩ። ከዚያ የአዳራሹ የኋላ ሁለት ሸምበቆዎች ይበራሉ፣ በሮቹም ይከፈታሉ።