ለ36 ቀናት ምላሽ ሳያገኝ ስለቆየው ጥያቄዎ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ሰናይት
የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጥቅምት 5 ስላቀረቡት የመስከረም ወር ሽያጭ ሪፖርት ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሰናይት፣

ጥቅምት 5 ቀን «የመስከረም የሽያጭ ሪፖርት ከዜድ ሪፖርቶቹ ድምር በ53,400 ብር ይበልጣል፣ ምክንያቱን አሳውቁን» ብለው ጻፉልን። ስህተቱ የታረመው ትናንት ኅዳር 11 ማታ ነው። በውላችን መሠረት በ3 የሥራ ቀናት መመለስ የነበረበትን ጥያቄ 36 ቀናት አስቀምጠነዋል። በዚህ መሀል የመስከረም ተጨማሪ እሴት ታክስ የማሳወቂያ ቀን፣ ጥቅምት 30፣ ደረሰ፤ የሒሳብ ሠራተኞችዎም የወሩን ዜድ ሪፖርቶች አንድ በአንድ በእጅ ደምረው ለማሳወቅ ተገደዱ። ጥፋቱ የእኛ ነው። በቡድኑ ስምና በኃላፊነቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ዛሬውኑ ሊያዩት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የነሐሴና ጳጉሜን ማሳወቂያ የተሠራው ከሲስተሙ ሪፖርት ተወስዶ ከሆነ፣ የጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሽያጭ በየትኛውም ወር አልተገለጸም ማለት ነው። ሲስተሙ ያንን ሽያጭ ከጳጉሜን አውጥቶ መስከረም ውስጥ ከቶት ነበር፤ እናንተ ደግሞ መስከረምን ከዜድ ስለደመራችሁ እዚያም አልገባም። የዕለቱ ሽያጭ ከታክስ በፊት 184,600 ብር፣ ታክሱ 27,690 ብር ነው። ማሻሻያ ማቅረብ ያስፈልግ እንደሆነ ከታክስ አማካሪያችሁ ጋር ይመልከቱት። ከዚህ የሚመጣ ቅጣትና ወለድ ካለ ድርጅታችን ይከፍላል፤ ዋና ሥራ አስኪያጃችን በጽሑፍ ፈቅደውልኛል፣ ደብዳቤው ከዚህ ጋር ተያይዟል።

አሁን ስለ ስህተቱ። ሲስተማችን እያንዳንዱን ሽያጭ የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ቀን ነው። ሪፖርት ሲወጣ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ክፍል መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ይቆጥር ነበር። ይህ ለአብዛኛው ዓመት ልክ ነው። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ 2015ም ዘመነ ሉቃስ ነበር። ስለዚህ ሲስተሙ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን ጳጉሜን 6 በማለት ፈንታ መስከረም 1 ቀን 2016 አለው፣ ከዚያ ወዲህም እያንዳንዱን ቀን በአንድ አስቀደመ። መስከረም 30 (ኦክቶበር 11) በሪፖርቱ ላይ ጥቅምት 1 ሆኖ ወጣ።

ልዩነቱም ከዚሁ የመጣ ነው። የሲስተሙ መስከረም በማይገባው ቦታ የጳጉሜን 6ን 184,600 ብር ይዟል፤ ሊይዝ የሚገባውን የመስከረም 30 ሽያጭ 131,200 ብር ደግሞ አጥቷል። ሲቀናነስ 53,400 ብር፣ እርስዎ ያሉት ቁጥር በትክክል ይመጣል። በታክስ 8,010 ብር ነው። የእናንተ የዜድ ድምር ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር።

ባይታረም ኖሮ ስህተቱ እስከ የካቲት 21 (ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024) ይቀጥልና፣ የፌብሩዋሪ 29 ተጨማሪ ቀን ልዩነቱን ስለሚያካክሰው፣ ከማርች 1 ጀምሮ በራሱ ይጠፋ ነበር። የሚያሳስበኝም ይሄው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ለኦዲት ሲፈለግ የዕለቱ ቀን ትክክል ስለሚሆን ማንም አይጠረጥረውም። ሲስተሙን የገጠምንላችሁ በ2013 በመሆኑ እስካሁን በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ አልተፈተነም ነበር። አሁን ቅየራው ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜንን 6 ያደርጋል። የሚቀጥለው 2019 ስለሆነ፣ መስከረም 1 ቀን 2020ን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ላይ እንደሚያውል ሞክረን አረጋግጠናል።

እርማቱ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው የወሰደው። የቀረው ጊዜ ሁሉ ያለቀው ጥያቄዎ ተቀምጦ ነው፤ እንዴት እንደሆነም ማወቅ ይገባዎታል። ጥቅምት 6 ባልደረባችን የሁለት ደረሰኝ ናሙና የሚጠይቅ ኢሜይል ላከ። የላከው ግን በ2013 ወደተመዘገበው፣ ከእናንተ ዘንድ ወደለቀቁት ሒሳብ ሠራተኛ አድራሻ ነበር። ጥያቄውንም «የደንበኛ ምላሽ ይጠበቃል» ወደሚለው ፔንዲንግ አዛወረው። በእኛ አሠራር ፔንዲንግ የገባ ጥያቄ የ3 ቀኑ ቆጠራ ይቆማል፤ ስለዚህ በየጠዋቱ በማየው የዘገዩ ጥያቄዎች ዝርዝር ላይ አልወጣም። እርስዎ ጥቅምት 19 እና ጥቅምት 29 ደውለዋል። ሁለቱም ጥሪዎች እንደ አዲስ ጥያቄ ተመዝግበው «ተደጋጋሚ» ተብለው ተዘጉ፤ ከዋናው ጋር ያገናኛቸው አልነበረም። ኅዳር 7 የፔንዲንጎቹን ዝርዝር ስከፍት ነው ያየሁት። ከማሳወቂያው ቀን ዋዜማ ደውለው እንኳ መልስ ማጣትዎ በጣም አሳዝኖኛል።

ከእናንተ በኩል የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። የሽያጭ ሪፖርቱን ከፍታችሁ ሦስት ቀኖችን እዩ፦ ሴፕቴምበር 11 ጳጉሜን 6፣ ኦክቶበር 11 መስከረም 30፣ ኖቬምበር 10 ጥቅምት 30 ማለት አለባቸው። ከትናንት በፊት ወደ ኤክሴል ያወጣችኋቸውን የመስከረምና የጥቅምት ሪፖርቶች አትጠቀሙባቸው፤ ፋይሉ በራሱ አይታረምም። በተለይ የጥቅምትን ማሳወቂያ እስከ ኅዳር 30 ስታዘጋጁ ከአዲሱ ሪፖርት ይሁን፤ የድሮው የመስከረም 30ን ሽያጭ ደግሞ ያስገባል፣ የጥቅምት 30ን ይተዋል። የተመዘገበ ሽያጭ፣ ዋጋ ወይም የክምችት ቁጥር አልተነካም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከጳጉሜን 6 እስከ ትናንት ከሲስተሙ የታተሙ 212 የዕቃ ማስረከቢያዎች ላይ የእኛ አቆጣጠር ቀን በአንድ ቀድሞ ተጽፏል፤ የፈረንጁ ቀን ትክክል ነው። እንደገና ማተም በደንበኞቻችሁ እጅ ካለው ቅጂ ጋር ስለሚያጣላ አልመክርም። የቁጥራቸውን ዝርዝርና ትክክለኛውን ቀን የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ አያይዘናል፤ ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ፔንዲንግ የገባ ጥያቄ ቆጠራው አይቆምም። ሁለት የሥራ ቀን ምላሽ ካልመጣ ባልደረባችን በስልክ ይደውላል እንጂ ሌላ ኢሜይል አይልክም። ስለ አንድ ጉዳይ ሁለተኛ ጥሪ ከመጣ በቀጥታ ለእኔ ይደርሳል። የእናንተን ተጠሪዎች ስምና ስልክ ማደስ ስላለብን ነገ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እደውልልዎታለሁ፤ በዚያው ስለ ጳጉሜን 6 የምትፈልጉት ተጨማሪ ሰነድ ካለ አዘጋጃለሁ። የጥቅምትና የኅዳር የድጋፍ አገልግሎት ክፍያ አይጠየቅም፣ ሒሳብ ክፍላችን አውቆታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዮናስ
የደንበኞች ድጋፍ ቡድን መሪ

አባሪ፦ የቅጣትና ወለድ ክፍያ ፈቃድ 1 ገጽ፤ የዕቃ ማስረከቢያዎች ቀን ማረጋገጫ 5 ገጽ፤ የታረመ የነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረምና ጥቅምት ሪፖርት