ልጄ ፀጉሬን ቀለም ልቀባ ብላለች፤ ምን ልበላት?

ልጅሽ 14 ዓመቷ ነው። "ማሚ፣ ፀጉሬን ቀይ ልቀባ" እያለች ሰነበተች። "አይሆንም" ብለሽ በሩን ከመዝጋትሽ በፊት ጫፉን ብቻ ነው ወይስ ከሥሩ ጀምሮ ሙሉውን፣ ጠይቂያት። ትምህርት ቤቷ ይፈቅድ እንደሆነም አጣሪ።

በእኔ እምነት ጫፉን በሚለቅ ቀለም ልቀባ ካለች እሺ በያት። ቋሚው ቀለም ግን ይቆይ። ቋሚው ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ተደባልቆ የሚቀባው ነው፤ ብዙዎቹ፣ በተለይ ጠቆር ያሉት፣ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አላቸው። እሱ ነው አለርጂ የሚያመጣው። አንዴ ከያዘ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅም። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያሉ ቀለሞች ማሸጊያ ላይ ከ16 ዓመት በታች ላሉ እንዳልተዘጋጁ ይጻፋል። "ጥቁር ሂና" የሚሉት ጊዜያዊ ንቅሳትም ብዙ ጊዜ ይኼው ኬሚካል አለበት። ልጅሽ እሱን ተነቅሳ ቆዳዋ ቆስሎ ወይም አብጦ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሪ ምንም ቀለም እንዳትሞክሪ።

የሚለቀው ቀለም ከምንም ጋር ሳይደባለቅ ይቀባል፤ በየእጥበቱም እየደበዘዘ ይሄዳል። ግን እውነቱን ቀድመሽ ንገሪያት፦ ጥቁር ፀጉር ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀላ ይላል እንጂ ፎቶ ላይ እንዳየችው ቦግ አይልም። ቦግ እንዲል ብሊች ያስፈልጋል፤ ብሊች ደግሞ ፀጉር ያደርቃል፣ ይሰብራል። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም። ደማቁ አይቅርብኝ ካለች ባለቀለም ቅጥያ ፀጉር ይሻላታል።

ፀጉሯን ከመቀባትሽ 48 ሰዓት በፊት ጥቂት ቀለም ክርኗ ውስጠኛው ክፍል ላይ ቀቢና ተዪው። ካሳከካት ወይም ከቀላ ሐሳቡን ተዉት። "የሚለቅ ነው" ብለሽ ይህን ሙከራ እንዳትዘልዪው፤ እሱም የአንዳንዶችን ቆዳ ያስቆጣል። ከኋላ በኩል የማይታይ አንድ ዘለላ ላይም ሞክሪ፤ ምን እንደሚመስል ሁለታችሁም ታያላችሁ። ፀጉሯ ሪላክሰር ተቀብቶ ከሆነ ቢያንስ 2 ሳምንት ይለፈው።

በቀኑ አሮጌ ልብስ አልብሻት፣ ጓንት አድርጊ። አንገቷና ጆሮዋ ላይ ቫዝሊን ለቅለቅ አድርጊ። ጫፉን በትንሽ በትንሹ እየከፈልሽ ቀቢ፤ የራስ ቆዳዋን አታስነኪ። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፊ። ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በለብታ ውሃ እጠቢላት። ቅንድብና ሽፋሽፍት በፍጹም አይቀባም፤ ዓይን አደጋ ላይ ይወድቃል።

ካቃጠላት ወዲያው እጠቢ። ፊቷ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገራት አትጠብቂ፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰጃት።

በተረፈ ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ትራሷን አሮጌ ጨርቅ አልብሺው። ነጩን ፎጣም ደብቂ።