ቆርኪው ሲራመድ፦ የቅዳሜ የፊልም ትምህርት ዕቅድ

ተማሪዎች፦ ከ9–12 ዓመት፣ 12 ልጆች፣ ሦስት ሦስት ሆነው በ4 ቡድን
ሰዓት፦ ቅዳሜ ጠዋት ከ3፡00–5፡00
ግብ፦ እያንዳንዱ ቡድን ዕቃን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰና ፎቶ እያነሳ የ10 ሰከንድ ፊልም ይሠራል። በሰከንድ 8 ፎቶ ሲታሰብ 80 ፎቶ ይሆናል። ሲኒማ ቤት የምናየው በሰከንድ 24 ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን 8 ይበቃል።
ከቤት የሚመጣ፦ ቆርኪ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሽምብራ፣ ማንኪያ፣ የልብስ መቆንጠጫ። ሲኒ የሚያመጣ እናቱን ያስፈቅድ።
ስልክ፦ ለየቡድኑ አንድ። Stop Motion Studio የተባለው መተግበሪያ ቀድሞ ይጫንበት፤ ያለፈውን ፎቶ በስሱ ስለሚያሳይ ልጆቹ ዕቃው የት እንደነበር አይጠፋቸውም።

3፡00 መክፈቻ
ምንም አታስረዱ። አንድ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ፎቶ አንሱ። የጣት ውፍረት ያህል ገፋ አድርጉ፣ አንሱ። 16 ጊዜ። ከዚያ አጫውቱት። «እንዴት ሄደ?» ሲሉ መልሱን ራሳቸው ይፈልጉት። አእምሯችን ፎቶዎቹን እንደሚያያይዛቸው ሁሌም አንዱ ይደርስበታል።

3፡15 ታሪክ
ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ለምሳሌ፦ ቆርኪ ጓደኞቹን ፍለጋ ወጣ። ማንኪያ መንገዱን ዘጋበት። ማንኪያው ላይ ወጥቶ ተንሸራቶ ወረደ። ጦርነት የሚያቅዱ ይኖራሉ፤ አትከልክሏቸው፣ ግን ወታደሩ ሁለት ይሁን።

3፡30 ስልኩን ማቆም
ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት። ስልኩን በመጻሕፍት ቁልል አስደግፉ፣ ግራና ቀኙን በፕላስተር አጥብቁ። የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። ባለፈው 50ኛው ፎቶ ላይ ስልክ ተደወለና አንዷ ልጅ አነሳችው። መልሳ ስታቆመው ከዚያ በኋላ ያለው ፎቶ ሁሉ ዘለለ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

መጋረጃውን ዝጉና በአምፖል ሥሩ። ደመና ባለፈ ቁጥር ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል። መብራት ከጠፋ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ጥግ ይሻላል። ቀረጻውን ከመጀመራችሁ በፊት ትኩረቱና ብርሃኑ እንዳይቀያየር ቆልፉት።

4፡00 ቀረጻ
አንዱ ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ይቆጥራል። በየ10 ፎቶው ይቀያየሩ። ቆጣሪው «እጅ!» ይላል፤ እጅ ከወጣ በኋላ «አንሳ!»። ፈጣን ጉዞ ትልቅ እርምጃ ነው፣ ቀስ ያለ ጉዞ ደግሞ ትንሽ። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ዕቃው ሳይነካ 8 ፎቶ ይነሳ፤ ተመልካቹ ዕቃው ማን እንደሆነ የሚለየው ያኔ ነው።

የሚቸኩል ቡድን ካለ ጎናቸው ተቀመጡ። ከንፈሯን ነክሳ ሽምብራ በጥፍሯ የምትገፋ ልጅ ካያችሁ ግን ዝም በሉ፣ አታቋርጧት።

4፡40 ማየት
ድምፁን ልጆቹ በአፋቸው ያውጡት፣ ማንኪያም ያንኳኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ዕቃው ነፍስ የዘራው የቱ ጋ ነው?» ያንን ቦታ ደግማችሁ አሳዩ።

ፊልሙን ለወላጆች በቴሌግራም ላኩ። መድረሱን ሳታረጋግጡ ፎቶዎቹን ከስልኩ አታጥፉ።