የመጀመሪያ ዓመት ኢኮኖሚክስ መለማመጃ ፈተና፦ ፍላጎት፣ አቅርቦትና ኢላስቲሲቲ

ይህ ለሚድ መዘጋጃ ነው፤ ማርክ የለውም። 7 ጥያቄ፣ 25 ደቂቃ። ካልኩሌተር ይፈቀዳል፣ ግን ሁሉም በእጅ ይሠራል። በጥያቄው ያልተነሳ ነገር ሁሉ እንዳለ እንደሆነ ቁጠሩት። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተፈጠሩ ናቸው፤ ገበያ ወርዳችሁ በዚህ ዋጋ እንዳትከራከሩ። መልሱን ሳትጨርሱ አትዩ።

1. የጤፍ ዋጋ ጨመረ። ሸማቹ ዘንድ ምን ይሆናል?
ሀ. የጤፍ ፍላጎት ይቀንሳል
ለ. የሚፈለገው የጤፍ መጠን ይቀንሳል
ሐ. የጤፍ ፍላጎት ኩርባ ወደ ቀኝ ይሄዳል
መ. ምንም ለውጥ የለም

2. ቲማቲም ከባቱ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጡ አይሱዙዎች ነዳጅ ስለጨመረባቸው የጭነት ዋጋ ከፍ አደረጉ። አዲስ አበባ ላይ የቲማቲም ዋጋና የሚሸጠው መጠን፦
ሀ. ሁለቱም ይጨምራሉ
ለ. ሁለቱም ይቀንሳሉ
ሐ. ዋጋ ይጨምራል፣ መጠን ይቀንሳል
መ. ዋጋ ይቀንሳል፣ መጠን ይጨምራል

3. ፋሲካ ደረሰና ዶሮ ፈላጊው በዛ። በዚያው ሳምንት በሽታ ገብቶ ብዙ ዶሮ አለቀ። በእርግጠኝነት መናገር የሚቻለው የቱን ነው?
ሀ. ዋጋ ይጨምራል፣ መጠንም ይጨምራል
ለ. ዋጋ ይጨምራል፣ መጠን ይቀንሳል
ሐ. መጠን ይቀንሳል፣ የዋጋው አይታወቅም
መ. ዋጋ ይጨምራል፣ የመጠኑ አይታወቅም

4. አንድ ጉልት ላይ የሽንኩርት ዋጋ በኪሎ ከ40 ወደ 60 ብር ሲወጣ፣ በቀን የሚሸጠው ከ110 ወደ 90 ኪሎ ወረደ። በመካከለኛ ነጥብ ዘዴ የዋጋ ኢላስቲሲቲው ስንት ነው?
ሀ. −0.36
ለ. −0.50
ሐ. −0.67
መ. −2.00

5. በጥያቄ 4 የሻጮቹ ጠቅላላ ገቢ በቀን፦
ሀ. በ1,000 ብር ጨመረ
ለ. በ1,000 ብር ቀነሰ
ሐ. በ400 ብር ቀነሰ
መ. አልተለወጠም

6. ስኳር 10% ሲወደድ የሻይ ቅጠል ሽያጭ 4% ወረደ። ተሻጋሪ ኢላስቲሲቲውና የዕቃዎቹ ግንኙነት፦
ሀ. 0.4፣ ተተኪ
ለ. −0.4፣ ተተኪ
ሐ. −2.5፣ ተደጋጋፊ
መ. −0.4፣ ተደጋጋፊ

7. የፍላጎት እኩልታው Qd = 100 − 2P ነው። P = 30 ላይ የዋጋ ኢላስቲሲቲው፦
ሀ. −2
ለ. −1.5
ሐ. −1
መ. −0.67

መልስና ማብራሪያ

1. ለ። የራሱ ዋጋ ሲቀየር ኩርባው ንቅንቅ አይልም፤ እዚያው ኩርባ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ትሄዳላችሁ። ኩርባውን የሚያንቀሳቅሱት ገቢ፣ የሌላ ዕቃ ዋጋ፣ የገዢው ብዛት፣ ምርጫና ስለ መጪው ዋጋ ያለ ግምት ናቸው። «ሀ» ብዙ ሰው የሚበላ ወጥመድ ነው።

2. ሐ። የጭነት ወጪ የሻጩ ጣጣ ነው፤ አቅርቦት ወደ ግራ ይሄዳል። ፍላጎትን አትንኩት።

3. መ። ሁለቱም ለውጦች ዋጋን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። መጠን ላይ ግን ይጣላሉ፦ ፋሲካው ያሳድገዋል፣ በሽታው ያሳንሰዋል። የትኛው እንደበረታ ጥያቄው አልነገረንም። ካላመናችሁ ሁለት ሥዕል ሥሩ። በአንዱ ፍላጎቱን ብዙ፣ አቅርቦቱን ጥቂት አንቀሳቅሱ፤ በሌላው ገልብጡት። ዋጋው በሁለቱም ይወጣል፤ መጠኑ በአንዱ ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል። አንድ ሥዕል ብቻ የሠራ ተማሪ «ሀ» ወይም «ለ» ላይ በሙሉ ልብ ያከብባል። ሁለት ኩርባ አንድ ላይ ከተንቀሳቀሰ፣ ከዋጋና ከመጠን አንዱ ሁልጊዜ አጠራጣሪ ነው።

4. ለ። የመጠን ለውጥ −20፣ አማካዩ 100፤ ስለዚህ −20%። የዋጋ ለውጥ 20፣ አማካዩ 50፤ ስለዚህ 40%። −20 ÷ 40 = −0.50።
የተሳሳቱት ምርጫዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ለውጡን ለመነሻው ካካፈላችሁ (−18.2% ÷ 50%) «ሀ» ላይ ትወድቃላችሁ። ለመድረሻው ካካፈላችሁ (−22.2% ÷ 33.3%) «ሐ» ይመጣል። ዋጋን ከላይ፣ መጠንን ከታች ያደረገ ደግሞ «መ»ን ያገኛል። መልሳችሁ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ መገኘቱ ልክ ለመሆናችሁ ማስረጃ አይደለም። በአማካይ የምናካፍለውም ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም መልሱ አንድ እንዲሆን ነው።

5. ሀ። 40 × 110 = 4,400፤ 60 × 90 = 5,400። ኢላስቲሲቲው ከ1 ያነሰ (ምልክቱን ትተን) ከሆነ ዋጋ መጨመር ገቢን ያሳድጋል፤ 4ን በትክክል የሠራ ሳያባዛም ያውቀዋል።

6. መ። −4 ÷ 10። እዚህ ምልክቱን መጣል አይቻልም፤ ግንኙነቱን የሚናገረው እሱ ነው።

7. ለ። መጀመሪያ መጠኑን አግኙ፦ 100 − 60 = 40። ከዚያ −2 × 30 ÷ 40 = −1.5። «ሀ»ን የመረጠ የእኩልታውን ቁጥር እንዳለ ገልብጧል። −2 በመስመሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ኢላስቲሲቲው ግን በየነጥቡ ይለያያል። P = 25 ላይ ልክ −1 ነው፣ ገቢም እዚያ ላይ ነው ጣሪያ የሚነካው፤ P = 20 ላይ −0.67 ይሆናል።